ሽንቱን ለባለቤቱ ማስረከብ

ቀብሪበያ ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የፋፈን ዞን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶማሊያ ስትፈርስ የመጡ ስደተኞችን ያስጠጋችና በውሃ እጦት ስሟ ሲነሳ የኖረ ከተማ ናት። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ ውሃ ከመጣላት በኋላም ቢሆን ቢርካውን፣ የአህያ ጋሪውንና ቢጫውን ጄሪካን እርግፍ አድርጋ አልተወችም። እዚህ አገር ልጅን ፖፖ ማስለመድ ማለት የሚታጠበውን ጨርቅ፣ የሚቀዳውን ውሃና ግቢ ጥግ ያለውን ጉድጓድ አብሮ ማሰብ ነው። ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ምክሮች አብዛኛዎቹ ግን ቧንቧውም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ቤት ውስጥ ያለ እያስመሰሉ ነው የሚመክሩት።

በዚህ ወግ የሚነጋገሩት በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከደሴ ተዛውራ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ልጇ ማሙሽ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ስትሆን ግቢው በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ሦስተኛዋ የግቢው ባለቤት አሮጊት ናቸው። አማርኛውን የተማሩት ጅግጅጋ ገበያ ሲነግዱ ነው፤ የሚጠሩትም «አዬዮ» እየተባለ ነው፣ አያቴ እንደማለት። ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ የግመል ወተት ሻይ ቀርቧል።

እናት፦ ሲስተር፣ እንኳን መጣሽልኝ። ይሄ ልጅ ዛሬ ሲያቃጥለኝ ነው የዋለው። ፖፖው ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጬው ጠብ የሚል ነገር የለም። ሱሪውን አልብሼው ዞር ከማለቴ በር ላይ ቆሞ ለቀቀው። አውቆ እልህ የሚያስገባኝ ነው የሚመስለኝ።

ሲስተር፦ እልህ አይደለም። ሽንት እንዲወጣ ከታች ያለው ጡንቻ መፈታት አለበት፤ በግድ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ጡንቻውን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ስታስነሺው ሰውነቱ ላላ፣ ያን ጊዜ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ደግሞ እስራት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ለመሆኑ ምን አስቸኮለሽ?

እናት፦ ላስገባው ያሰብኩት የሕፃናት ማቆያ ዳይፐር ያላወለቀ ልጅ አንቀበልም አለኝ። እህቴም ከደሴ በደወለች ቁጥር «የኔው እኮ በዓመት ከመንፈቁ ጨርሷል» ትለኛለች። እኔ ምን ላድርግ?

አዬዮ፦ የዛሬ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ታስሮለት ይኖርና ድንገት «ተቀመጥ» ሲሉት ምን ይወቅ? እኔ የወለድኳቸውን ሁሉ ገና በአርባ ቀናቸው እግሬ ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ መቀመጫውን በሁለቱ እግሮቼ መሐል አሳርፋለሁ፣ በብብቱ እይዘዋለሁ። ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ጡት ጠግቦ ሲጨርስ «ሽሽሽ» እለዋለሁ፤ ይሸናል። ስድስት ወር ሲሞላው ጀርባዬን የሚያርስ ልጅ አልነበረኝም።

እናት፦ እናቴም እኔን እንደዚያ እያሸናች ነው ያሳደገችኝ።

ሲስተር፦ አዬዮ ያሉት ተረት አይደለም። ኬንያ ጠረፍ ዲጎ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ስለነሱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ዲጎዎች ልጁ በተወለደ በጥቂት ሳምንት ይጀምራሉ፤ እናት እንደ አዬዮ እግሯ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ድምፅ ታሰማዋለች። በአምስተኛው በስድስተኛው ወር ላይ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ይለቃል፣ እናትም ሰዓቱን ጠብቃ ትደርስለታለች። ነጮቹ ሐኪሞች ያን ሲያነቡ ገርሟቸዋል፤ እነሱ ልጅ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት አይችልም ብለው ነበርና።

አዬዮ፦ እኛን መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ እንነግራቸው ነበር።

ሲስተር፦ ግን ልብ ይበሉ አዬዮ፣ እዚያ ላይ ግማሹን ሥራ የምትሠራው እናት ናት። የልጁን ፊት አይታ፣ ቁንጥንጡን አውቃ፣ ቀን ሙሉ አዝላው ውላ ነው። እናትየዋ ቢሮ ከዋለች፣ ሞግዚት ከተለዋወጠች፣ ያ ነገር ይፈርሳል። የማሙሽ እናት የምትፈልገው ሌላ ነው፦ ልጁ ራሱ «መጣብኝ» ብሎ፣ እስኪደርስ ይዞ፣ ሱሪውን አውልቆ እንዲቀመጥ። ያ የልጁ የራሱ ሥራ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገላውም ልቡም መድረስ አለበት።

እናት፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ? ሁለት ዓመት ሞላው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ሲስተር፦ ሁለት ዓመት መሙላቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ብሬዝልተን የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ከ1,100 በላይ ልጆችን ተከታትሎ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ምልክታቸው እየታየ፣ ሳይገደዱ የተለማመዱት ልጆች ቀን ቀን መድረቅ የቻሉት በአማካይ በ28 ወር ተኩል ገደማ ነው። በአማካይ ነው እንግዲህ፤ ቀድሞ የጨረሰም ሦስት ዓመት ያለፈውም አለ። ያንቺው 27 ወሩ ነው፤ ዘግይቷል የሚያሰኝ ነገር የለውም። አሁን ልጠይቅሽ፤ ዳይፐሩ ምን ያህል ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቆያል?

እናት፦ እሱን አላውቅም። ሲከብድ ነው የምቀይርለት።

ሲስተር፦ ዳይፐር የሚደብቅብሽ ይሄንን ነው። ሽንቱን ወደ ውስጥ መጥጦ ልጁንም አንቺንም ያታልላል፤ እሱ እርጥበቱ አይሰማውም፣ አንቺም መቼ እንደሸና አታውቂም። ለሁለት ለሦስት ቀን፣ ቀን ቀን ጨርቅ እሰሪለትና በየግማሽ ሰዓቱ በእጅሽ ዳብሺው። የሸናበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። በዚህ ዕድሜ ፊኛው የሚይዘው ግማሽ ብርጭቆ ያህል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ከቆየ፣ ወይም ከቀን እንቅልፉ ደርቆ ከተነሳ፣ ፊኛው መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። በየሃያ ደቂቃው ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን ፖፖውን አጥበሽ አስቀምጪው፤ ጊዜው አልደረሰም።

እናት፦ ሌላስ?

ሲስተር፦ ሌላው ከዓይንሽ አይሰወርም። ሮጦ ይመጣል፣ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፤ ያ አለ። ላስቲክ ወገብ ያለውን ሱሪ ራሱ ዝቅ ያደርጋል?

እናት፦ ገላውን ላጥበው ስል ቀድሞኝ ያወልቃል።

ሲስተር፦ «ጫማህን አምጣ፣ እዚያ አስቀምጥ» ስትይው ይሰማል?

እናት፦ ደስ ሲለው።

ሲስተር፦ ደስ ሲለው በቂ ነው። ሽንት ቤት ስትሄጂ ይከተልሻል? ጨርቁ ሲርስ ይጎትተዋል? ካካው ሲመጣ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል?

እናት፦ እሱማ! ካካው ሲመጣ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ነው የሚደበቀው። እግሩን አጠላልፎ በጣቱ ይቆማል፣ ፊቱ ይቀላል። «ፖፖ ላምጣልህ?» ስለው «አይ!» ብሎ ይጮህብኛል።

ሲስተር፦ ቆይ እስቲ። መደበቁ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከመምጣቱ በፊት ይሰማዋል ማለት ነው። እግር ማጠላለፉና በጣት መቆሙ ግን ሌላ ነገር ነው። በየስንት ቀኑ ነው የሚወጣው?

እናት፦ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ። ደረቅ፣ ቁርጥራጭ ነው። አንዳንዴ ያለቅሳል።

ሲስተር፦ እንግዲህ የፖፖው ጠብ ከዚህ ነው የመጣው። አንቺ እያማጠ ነው ስትይ እሱ እየያዘ ነው። አንድ ቀን አሞት ወጣ፤ በሚቀጥለው እንዳያመው ያዘው። ሲይዘው አንጀቱ ውሃውን እየመጠጠ ይበልጥ ያደርቀዋል፤ ያ ደግሞ ሲወጣ ይበልጥ ያማል። እዚህ ላይ ፖፖ ስትጨምሪበት ሕመሙን ከፖፖው ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካካው ይለስልስ። ምንድነው የሚበላው?

እናት፦ ምግብ እምቢ ሲለኝ ወተት ነው የምሰጠው። በቀን አንድ ሊትር ሳይጨርስ አይቀርም። ከዚያ ሩዝና ፓስታ። ውሃ ደግሞ... እውነቱን ልንገርሽ፣ ፖፖ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ እንዳይሸና ብዬ ቀንሼበታለሁ። ውሃውም በጄሪካን ነው የሚገዛው።

ሲስተር፦ እሱን ዛሬውኑ ተዪው። ውሃ ያነሰው ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያስሸናዋል። ካካውም ይደርቃል። የቆጠብሽው አንድ ኩባያ ውሃ በጨርቅ ማጠቢያ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ወተቱን ወደ ግማሽ ሊትር አውርጂው፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ፣ ከምግብ በኋላ። ፓፓያ ከጅግጅጋ ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት አብዪው። ሩዙ ላይ ምስር ወይም ባቄላ ይግባበት። ፖፖውን ለጊዜው ከፊቱ አንሺው፤ ካካው ለስልሶ ያለ ለቅሶ መውጣት ሲጀምር እንነጋገራለን። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለሰለሰ፣ ወይም ደም ካየሽበት፣ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ። ከራስሽ ግን የሚያስቀምጥ ነገር ገዝተሽ እንዳትሰጪው።

አዬዮ፦ የግመል ወተትስ? እሱ ሆድ ያላላል።

ሲስተር፦ የተፈላ ከሆነ ይጠጣ አዬዮ። ግን እሱም ምግቡን እንዳይዘጋበት በልክ ነው።

(ሁለተኛው ጨዋታ የተደረገው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመሐሉ ዝናብ ጥሎ ቢርካው ሞልቷል፤ የውሃ ጋሪው ዋጋም ረገብ ብሏል። ሲስተር ቀድማ «ከዝናቡ በፊት አትጀምሪ» ብላት ነበር። ልክ ይመስለኛል፦ በጂላል ደረቅ ወራት የተጀመረ ልምምድ ውስጥ የራሰ ሱሪ ሁሉ የእናትየዋን ትዕግሥት ይበላል፤ ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ደግሞ ጨርቁ ሳይሆን ውሃው ሲያልቅ ነው።)

እናት፦ ደብተሩን አመጣሁልሽ። ካካው አሁን በየቀኑ ነው፣ ቢበዛ አንድ ቀን ቢዘል ነው፤ ለስላሳ ነው። ሽንቱን ተመልከቺው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ርሶ ይነሳል። ቁርስ በልቶ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይሸናል። ከዚያ እስከ አራት ሰዓት ደረቅ ነው። ከምሳ በኋላ ይሸናል፣ ይተኛል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዛኛውን ቀን ደርቆ ነው የሚነሳው። ካካው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከቁርስ በኋላ ነው።

ሲስተር፦ እንዲህ ከሆነ ደርሷል። ከቁርስ በኋላ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም፤ ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃና ያለውን ይገፋል። ስለዚህ ለካካው ቀኑን ሙሉ መጠበቅ የለብሽም፣ ከቁርስ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ያዢ። ፖፖው የት አለ?

እናት፦ ይኸው። ግን ሲቀመጥበት እግሩ ይንጠለጠላል።

ሲስተር፦ እግሩ መሬት ካልረገጠ መግፋት አይችልም። አንቺም እግርሽ ተንጠልጥሎ ሞክሪው፣ ታይዋለሽ። ጉልበቱ ከዳሌው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከእግሩ ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊለት፤ ወይም ሱቅ አጭሩ አለ፣ እሱን ለውጪው። ሽንቱ ደግሞ ወደ ፊት ይረጫልና ጎንበስ እንዲል መጫወቻውን እግሩ ሥር መሬት ላይ አስቀምጪለት።

እናት፦ አባቱ ቆሞ ይሽና ይላል።

አዬዮ፦ እዚህ አገር ወንዱም ቁጢጥ ብሎ ነው የሚሸናው፤ ልብሱ ላይ ተረጭቶ ሶላቱን እንዳያበላሽበት።

ሲስተር፦ መቆሙ ኋላ ይደርሳል። አሁን ካካና ሽንት ለይቶ ስለማያውቅ ለሁለቱም ይቀመጥ። መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ሱሪውን እንደለበሰ ይቀመጥበት፣ እንደ ወንበር፤ አንቺ ሻይ ስትጠጪ እሱ አጠገብሽ። ምንም አትጠብቂበት። ጨርቁ ላይ ካካ ያለ ቀን ደግሞ ጨርቁን ይዘሽ ከሱ ጋር ሂጂና ፖፖው ውስጥ ጣይው፤ «ካካ ቦታው እዚህ ነው» በይው፤ ከዚያ አብራችሁ ሽንት ቤት ድፉት። ብዙ ልጅ ነገሩ የሚገባው ያን ሲያይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሱሪውን አውልቆ የሚቀመጠው፤ ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ገላውን ከመታጠቡ በፊት። በነዚህ ብቻ። አምስት ደቂቃ ካለፈ «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብለሽ አስነሺው።

እናት፦ ቢወጣስ? ከረሜላ ልስጠው?

ሲስተር፦ «ጎበዝ፣ ራስህ ነገርከኝ» ይበቃዋል። ከረሜላ ከሰጠሽው ለከረሜላው ብሎ ጠብ እያደረገ ቀኑን ሙሉ ያመላልስሻል። ሲወጣለት እልል ብለሽ ግቢውን አትሰብስቢበት፤ አንዳንዱ ልጅ ያ ያስደነግጠዋል። በአንድ ቀን እናስለምዳለን የሚል መጽሐፍም አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ወጥቶ ነበር፤ ልጁን ብዙ እያጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ እያስቀመጡ ነው። ሠርቶላቸው ይሆናል፤ ውሃ በጄሪካን በሚገዛበት ግቢ ግን አልመክርሽም።

እናት፦ ጨርቁን መቼ ነው ጨርሼ የማወልቀው?

ሲስተር፦ ፖፖው ላይ በተከታታይ ቀን መሸናት ሲጀምር፣ ቤት በሚውልበት ቀን። ሰፊ ሱሪ፣ ላስቲክ ወገብ፤ ቀበቶ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር አይኑር። ወይ ደግሞ ረዘም ያለ ቲሸርት ብቻ ይልበስና ግቢ ውስጥ ይዋል፤ የግቢው አፈር የወረደውን ይችላል፣ ምንጣፍሽ ግን አይችልም። በደብተርሽ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል አላልሽም? እንግዲያው አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን «ፖፖህን ያዝ» በይው። «ሽንትህ መጣ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ለጥያቄ ሁሉ መልሱ «አይ» ነው።

አዬዮ፦ እውነቷን ነው። የኔ የልጅ ልጅ «ማር ትበያለሽ?» ብላትም «አይ» ነው የምትለው።

ሲስተር፦ ሲያመልጠው ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪበት። ራሱ እርጥቡን ሱሪ ያውልቅ፣ ባልዲው ውስጥ ያስገባ፣ ደረቁን ያምጣ። ቅጣት ሳይሆን የራሱ ሥራ መሆኑን እንዲያውቅ። የተገረፈ ልጅ ወይ ይይዘዋል፣ ወይ ተደብቆ ይለቀዋል፤ ያኔ ወደ በርሜሉ ኋላ ተመለስን ማለት ነው። አሁን ማቆያው ውስጥ ያሉት ሞግዚቶች ሶማልኛ ተናጋሪ ናቸው አይደል? «ካዲ» ይላሉ ሽንትን። እዚህም አዬዮም አንቺም ሞግዚቷም አንድ ቃል ያዙ፤ «መጣብኝ» ሲል እዚያ የሚሰማው ሰው ይኑር።

እናት፦ ውሃውስ ሲስተር? ፖፖ ባጠብኩ ቁጥር ጄሪካን ልጨርስ ነው።

ሲስተር፦ ከመቀመጡ በፊት ፖፖው ውስጥ አንድ እፍኝ አመድ ነስንሺበት። ካካው አይጣበቅም፣ ሽታውን ይይዘዋል፣ ስትደፊው ሙልጭ ብሎ ይወርዳል፤ ለማለቅለቅ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። የታጠበበትንም ውሃ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ድፊው። የራሰውን ጨርቅ ለብቻ፣ ካካ የነካውን ለብቻ አጠራቅሚ፤ ሽንት ብቻ የነካው ባንድ ውሃ ይለቃል። ውሃ የማይቆጠብበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የሱም ያንቺም እጅ በሳሙና ይታጠባል።

አዬዮ፦ የሕፃን ካካ ምን አለው ብለው አጥር ሥር የሚጥሉ አሉ። እኔም ድሮ ዶሮ ይለቅመዋል እል ነበር።

ሲስተር፦ የሕፃን ካካ ከአዋቂው ቢብስ እንጂ አያንስም አዬዮ፤ ሕፃናት ናቸው በተቅማጥና በሆድ ትል በብዛት የሚያዙት። ዓይን ላይ የሚያርፈው፣ ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ ደግሞ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ካካ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አይመቸውም። ስለዚህ ዳይፐርም ቢሆን ካካው መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይራገፋል። ዳይፐሩን ራሱን ግን እዚያ እንዳትጥሉት፤ ጉድጓዱን ይሞላዋል።

እናት፦ ሌሊትስ? ጠዋት ርሶ ነው የሚነሳው።

ሲስተር፦ ሌሊቱን ከቀኑ ለዪው። የሌሊቱ ልምምድ አይደለም፤ ሌሊት ሽንት የሚያሳንሰው የሰውነት ንጥረ ነገር በቂ ሆኖ ሲመነጭና ፊኛው ሲሰፋ በራሱ የሚመጣ ነው። ከመተኛቱ በፊት ይሽና፣ ጨርቁን እሰሪለት፣ ከፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ። እየቀሰቀስሽ አታሸኚው፤ በእንቅልፍ ልቡ ስለሚሸና ምንም አይማርበትም። አምስት ዓመት እስኪሞላው ሌሊት ቢያርስ እንደ በሽታ አይቆጠርም።

እናት፦ ጀምሬ እምቢ ካለኝስ?

ሲስተር፦ ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ፖፖውን ሲያይ የሚሸሽ፣ የሚያለቅስ ከሆነ አቁሚው። ያለ ወቀሳ ጨርቁን መልሰሽ እሰሪና ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ጀምሪ። ተቅማጥ ሲይዘው፣ ቤት ስትቀይሩ፣ አዲስ ሕፃን ሲወለድ እንዳትጀምሪ፤ የጀመረውም በነዚህ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል። ማቆያው በገባ ሳምንትም ሊያመልጠው ይችላል፣ ትርፍ ሱሪ አስይዢው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሲሸና የሚያለቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ጠብ ጠብ የሚልበት ከሆነ፣ ወይም ከደረቀ በኋላ ድንገት ብዙ እየጠጣ ብዙ መሽናት ከጀመረና ከከሳ፣ ያን ቀን ሳታሳድሪ አምጪው። የመጨረሻው የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃንም ይይዘዋል።

እናት፦ እሺ። ከዚያ ከፖፖ ወደ ሽንት ቤቱ የሚሄደው መቼ ነው? ጉድጓዱን እንኳን እሱ እኔም እፈራዋለሁ። ጨለማ ነው፣ ቀዳዳውም ሰፊ ነው።

ሲስተር፦ ፍርሃቱ ልክ ነው። ስላቡ ላይ ያለው ቀዳዳ የተበጀው ለአዋቂ እግር ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ እግሩን አንፈራጦ መቆም ይከብደዋል። በሩን ከፍተሽ፣ ብርሃን ገብቶ፣ እጁን ይዘሽ ፖፖውን አብሮሽ ይድፋ። ለጊዜው የሱ ሥራ ያ ነው። ፖፖው ላይ ወራት ቢቆይ የሚጎድል ነገር የለም።

አዬዮ፦ ጣውላ አለኝ። ትንሽ ቀዳዳ ያለው፣ ስላቡ ላይ የሚጋደም አስቆርጥለታለሁ።

ሲስተር፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሁለት ረዳት እንጨት ይመታበት፣ ቀዳዳው ከአዋቂ መዳፍ ብዙም አይስፋ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ የምታጥቡትም እንዲሆን ፊቱ ይላግ። ጣውላው ኖረም አልኖረም ግን ብቻውን አይገባም። መቀርቀሪያውን እሱ የማይደርስበት ከፍታ ላይ አድርጉት።

አዬዮ፦ አናጢው ነገ ለበሩ ይመጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ይሥራው።